ሽያጩን ያመጣው ማን ነው? የማኅበራዊ ሚዲያን ድርሻ በትክክል ለመለካት

ደሴ ውስጥ የሐበሻ ልብስ በድረ ገጽና በስልክ የሚሸጥ ሱቅ እናስብ። አንዲት ደንበኛ ሰኞ ማታ በፌስቡክ የቀሚስ ቪዲዮ ታያለች፤ ምንም አትነካም። ሐሙስ የሱቁን ስም ጎግል ላይ ጽፋ ትገባና ታዛለች። ሪፖርቱ ሽያጩን ለጎግል ይሰጣል፤ የሚቆጥረው የመጨረሻውን ጠቅታ ብቻ ነውና። ባለሱቁም ይህን አይቶ የፌስቡኩን በጀት ይቆርጣል። ስሙን የሚፈልግ ሰው ቀስ በቀስ ሲቀንስ ግን ምክንያቱ አይታየውም።

በመጀመሪያ ቀላሉን ጉድለት ይድፈኑ። ከቴሌግራም መተግበሪያ የሚመጣ ጎብኚ ብዙ ጊዜ መነሻው ስለማይታወቅ ሪፖርቱ ላይ `Direct` ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ የሚለጥፉትን አገናኝ ሁሉ ምልክት ያድርጉበት፦

```
https://example.com/?utm_source=telegram&utm_medium=social
```

ይህ ግን የተነካውን ብቻ ያሳያል። ጎግል አናሊቲክስ ውስጥ ሽያጩን ደንበኛው ላለፈባቸው መንገዶች የሚያከፋፍለውን `Data-driven` የሚባል ስሌት መምረጥም ቪዲዮውን አይቶ ሳይነካ ያለፈውን ሰው አያመጣውም።

ስለዚህ ደንበኛውን ይጠይቁ። ምርጫ አይደርድሩለት፤ በራሱ ቃል ይመልስ። ስልክ የምታነሳው ሠራተኛ እንዲህ ትበል፦

«እህቴ፣ ስለ እኛ እንዴት ሰሙ?»
«ጎግል ላይ አግኝቼ ነው።»
«የሱቁን ስም ከየት አውቀው ፈለጉት?»
«ፌስቡክ ላይ ቀሚስ ስታሳዩ አይቼ።»

ዋናው መልስ ያለው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። በትእዛዝ መዝገቡ ላይ ወዲያው ይጻፍ፤ ማታ ከትዝታ የሚጻፍ መልስ አይታመንም።

ከሁሉም ይበልጥ የማምነው ግን ማስታወቂያውን በአንድ ከተማ ማቆም ነው። ደሴ ላይ እንዳለ ይተዉትና ወልድያን ከማስታወቂያው የቦታ ዝርዝር ለአራት ሳምንት ያስወጡ። ኮምቦልቻ ለዚህ አይሆንም፤ ለደሴ በጣም ቅርብ ስለሆነ ሰው በየቀኑ ይመላለሳል።

ለምሳሌ ከሙከራው በፊት በነበሩት አራት ሳምንታት ከደሴ 40፣ ከወልድያ 20 ትእዛዝ መጥቶ ነበር እንበል። በሙከራው ወቅት ደሴ 44 ሆነ፤ አሥር በመቶ አደገ ማለት ነው። ወልድያም በዚያው ልክ ቢያድግ 22 ይደርስ ነበር፤ የመጣው ግን 13 ነው። የጎደለው 9 ነው። የመጨረሻው ጠቅታ ሪፖርት ከዚያ በፊት በወልድያ ለፌስቡክ የሰጠው 3 ብቻ ከነበረ፣ የተሸፈነው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ እዚህ ላይ ይታያል።

እንዲህ ባለ ትንሽ ቁጥር ሁለት ሦስት ትእዛዝ በአጋጣሚ ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ በሌላ ጊዜ ከተሞቹን አቀያይረው ይድገሙት፤ በዚያን ጊዜም ማስታወቂያው የቆመበት ከተማ ካልቀነሰ የመጀመሪያውን ውጤት አይመኑት። የገና፣ የጥምቀት፣ የመውሊድና የኢድ ሰሞንን ይዝለሉ፤ የበዓል ገበያ ልዩነቱን ይውጠዋል። በነፃ የሚለጥፉት ቪዲዮ ደግሞ ወልድያም ስለሚደርስ፣ ይህ ሙከራ የሚለካው የተከፈለበትን ማስታወቂያ ብቻ ነው። የነፃውን ድርሻ ከደንበኞቹ መልስ ይቁጠሩት።