የደረት ውጋት ሲይዝ የጡንቻውን ከልቡ እንዴት መለየት ይቻላል

እንበል አንድ የኮምቦልቻ ወጣት ቀኑን ሙሉ 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት ከመኪና ሲያወርድ ዋለ። በማግስቱ ጠዋት በግራ ደረቱ በኩል ውጋት ያዘው። አየር ሳብ ሲያደርግ ይወጋዋል፣ ሲያስነጥሰው ይብስበታል። ቤተሰቡ «ብርድ ነው» ይላል፤ እሱ ልቡን ጠርጥሯል።

1. ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁት። ሕመሙ የሚጫን ወይም የሚያጨናንቅ ነው? ወደ ክንድ፣ መንጋጋ ወይም ጀርባ ይሄዳል? ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት አለ? አንዱ እንኳ ካለ ሙከራውን ተዉና ወደ 907 ለአምቡላንስ ደውሉ። ኮምቦልቻ ያለ ሰው «ደሴ ካልደረስኩ» ብሎ የሐረጎን ዳገት አይያያዝ፤ ቅርብ ባለው ሆስፒታል የልብ ምቱን የሚያሳየውን ኢሲጂ ይነሳ፣ ሪፈሩ ከዚያ ይደርሳል። አስፕሪን የሚስማማው ከሆነና የሚደማ ነገር ከሌለበት 300 ሚሊግራም አስፕሪን አኝኮ ይዋጥ።

2. ምልክቱ ከሌለ በአንድ ጣት ፈልጉ። የጎድን አጥንቶች ከደረት አጥንቱ ጋር የሚገናኙበትን የደረት አጥንቱን ጠርዝ ከላይ ወደ ታች እየተጫናችሁ ውረዱ። ቁም ነገሩ «ያማል ወይ» አይደለም፤ አጥብቆ ሲጫኑት ብዙ ሰው ያመዋል። «ያው የጠዋቱ ውጋት ነው ወይ» ብላችሁ ጠይቁት።

3. ወገቡን ያዙር፣ የግራ ክንዱን በደረቱ ላይ አሻግሮ ይሳብ። የኛ ወጣት በጣት የሚያሳየው አንድ ቦታ አለው፣ ሲዞርም ያው ውጋት ይመጣል። የተጎዳው የጎድን ጡንቻ ወይም ልመ አጥንት ሳይሆን አይቀርም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሲተነፍስ እየወጋው ሲጫኑት ግን ምንም የማይሰማው ከሆነ ጡንቻ ነው ብሎ መተኛት አይገባም። ትኩሳትና ሳል ካለ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። በድንገት ጀምሮ ትንፋሽ ካሳጠረ፣ በተለይ ከወሊድ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ፣ ወይም አንድ እግር ካበጠ፣ በሳንባ ውስጥ የደም መርጋት ይፈራል፤ ይህም የዚያኑ ሰዓት ጉዳይ ነው።

4. ጡንቻ ከሆነ ሸክሙን ለጥቂት ቀናት ይተው፣ ሙቅ ፎጣ ያድርግበት፣ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይውሰድ። ደረትን በነጠላ አጥብቆ ማሰር አይረዳም፤ ትንፋሽን ያሳጥራል። አብዛኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀላል።

ዕድሜው የገፋ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ወይም የሚያጨስ ሰው ግን ሲጫኑት ቢያመውም ኢሲጂ ይነሳ፤ የጡንቻ ሕመም ያለበት ልቡም ሊታመም ይችላል። የደሴን ዳገት ሲወጣ ደረቱን ጨምድዶ ይዞት ቆም ሲል የሚለቀው ሰው ደግሞ፣ ባይወጋውም፣ ሲጫኑት ባያመውም፣ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይቅረብ። ሳይለፋ፣ ቁጭ ባለበት ከጀመረው ቀን አይቀጥር፤ ወዲያው ይሂድ።