«ይህ ምንጭ የት አለ?»፦ የሳይቴሽን፣ የሪፈረንስና የቢብሊዮግራፊ ችግርና መፍትሄ

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ባለች አንዲት ሻይ ቤት፣ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስለ ጣና ደሴቶች ገዳማትና ስለ ታንኳ ጉዞ የጻፈውን ባለ ስምንት ገጽ ጽሑፍ አምጥቶ አሳየኝ። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ቦታ ላይ አስተያየት ጽፈውበታል። ገጽ 3 ላይ «ይህ ምንጭ ዝርዝሩ ውስጥ የለም»፣ ገጽ 6 ላይ «ይህን ከየት አገኘኸው?»፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ «እነዚህን መጻሕፍት የት ጠቀስካቸው?» ይላሉ። ተማሪው ሦስት የማይገናኙ ጥፋቶች የሠራ መስሎት ነበር፤ ነገር ግን ሦስቱም የመጡት ሳይቴሽንን፣ የሪፈረንስ ዝርዝርንና ቢብሊዮግራፊን አንድ ነገር አድርጎ ከማየቱ ነው።

ለዚህ መደባለቅ ቋንቋችንም ድርሻ አለው። ዋቢ የሚለው ቃል ዋስና ምስክር ከማለት የመጣ ሲሆን፣ «ዋቢ ጽሑፎች» የሚለውን ርእስ አንዱ ጸሐፊ ለሪፈረንስ፣ ሌላው ለቢብሊዮግራፊ ይጠቀምበታል፤ «ማጣቀሻ» ስንልም አንዳንዴ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ በቅንፍ የሚገባውን፣ አንዳንዴ ደግሞ በመጨረሻው ገጽ የሚደረደረውን ማለታችን ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ የተለመዱትን የውጭ ቃላት ይዤ እቀጥላለሁ። ሳይቴሽን በጽሑፉ መካከል፣ ሐሳቡ በተወሰደበት ቦታ ላይ፣ የምንጩን ባለቤትና ዓመት የሚጠቁም አጭር ምልክት ነው። የሪፈረንስ መግለጫ በመጨረሻው ገጽ ላይ የዚያን አንድ ምንጭ ሙሉ ማንነት፣ ማለትም ጸሐፊውን፣ ዓመቱን፣ ርእሱንና አሳታሚውን፣ የሚሰጥ አንድ አንቀጽ ነው። ቢብሊዮግራፊ ደግሞ በጽሑፉ የተጠቀሱትንም፣ ተነበው ግን ያልተጠቀሱትንም ምንጮች ሊይዝ የሚችል ሰፋ ያለ ዝርዝር ነው። ከዚህ በታች የምከተለው በብዙ ትምህርት ክፍሎች የሚሠራበትን የኤፒኤ ስልት ነው፤ በግርጌ ማስታወሻ በሚሠራው የቺካጎ ስልት የመጨረሻው ዝርዝር ራሱ ቢብሊዮግራፊ ስለሚባል፣ የትኛውን ስልት እንደሚፈልጉ መምህሩን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

የመጀመሪያው ምልክት፦ የተጠቀሰው ምንጭ ዝርዝሩ ውስጥ አይገኝም

ተማሪው ገጽ 3 ላይ፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጣና ደሴቶች ገዳማት ስለ መስፋፋታቸው ጽፎ፣ በመጨረሻው (ታደሰ፣ 1972) ብሏል። መምህሩ የመጨረሻውን ገጽ ገልጠው በ«ተ» ቤት ሲፈልጉ ታደሰ የሚባል የለም። መጽሐፉ ግን ጠፍቶ አይደለም፤ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ «ታምራት፣ ታ. (1972)» ተብሎ ተቀምጧል። ተማሪው ሳይቴሽኑን በራሱ እጅ የጻፈ ሲሆን፣ መግለጫውን ግን ከ Google Scholar ቀድቶ ወደ ፊደላችን ገልብጦታል።

ምክንያቱ በአገራችን የስም ሥርዓትና በኤፒኤ ልማድ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ኤፒኤ የቤተሰብ ስምን አስቀድሞ የራስን ስም በመነሻ ፊደል ያሳጥራል፤ እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሁለተኛው ስም የአባት የራሱ ስም ነው። ታምራት የታደሰ አባት እንጂ የመጽሐፉ ጸሐፊ አይደሉም። የምንጭ መመዝገቢያ ፕሮግራሞች ይህን ስለማያውቁ መጨረሻ ላይ ያገኙትን ስም ሁሉ እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዱታል። ሳይቴሽን አንባቢውን በአንድ ቃል ወደ ዝርዝሩ የሚመራ ነውና፣ ያ የመጀመሪያ ቃል በሁለቱ ቦታ ካልተመሳሰለ መንገዱ ይቋረጣል፤ የሌለ ምንጭ የተጠቀሰም ያስመስላል።

መፍትሄው የኢትዮጵያውያንን ስም ሳይገለብጡና ሳያሳጥሩ፣ በመካከሉ ነጠላ ሰረዝ ሳያስገቡ፣ በሁለቱም ቦታ እንዳለ መጻፍ ነው። በጽሑፉ ውስጥ (ታደሰ ታምራት፣ 1972) ይባልና ዝርዝሩ እንዲህ ይሆናል፦

ታደሰ ታምራት። (1972)። ቸርች ኤንድ ስቴት ኢን ኢትዮጵያ፣ 1270–1527። ክላረንደን ፕሬስ።

በሳይቴሽኑ ውስጥ «ታደሰ» ብቻ ማለትም በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ሙሉ ስም የምመርጠው ታደሰ የሚባሉ ጸሐፊዎች ብዙ ስለሆኑ፣ ሁለቱ በአንድ ዝርዝር ሲገናኙ አንባቢው እንዳይደናገር ነው። Zotero በሚባለው የምንጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም የሚሠራ ተማሪ ከጸሐፊው ስም አጠገብ ያለውን ትንሽ ምልክት ተጭኖ ሁለቱን የስም ሳጥኖች ወደ አንድ ሳጥን ቢቀይርና ሙሉ ስሙን እዚያ ቢጽፍ፣ ፕሮግራሙ ስሙን መገልበጡንም ማሳጠሩንም ይተዋል። ታደሰን በቤተሰብ ስም ሳጥን፣ ታምራትን በሌላው ሳጥን ማስገባት ግማሽ መፍትሄ ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ «ታደሰ፣ ታ.» ሆኖ ይወጣል። የውጭ ጸሐፊ ስም ግን በኤፒኤ ልማድ ይገለበጣል፤ ለምሳሌ «ቺዝማን፣ አር. ኢ.» ይባላል። በአንድ ዝርዝር ውስጥ ሁለቱ አጻጻፎች ጎን ለጎን መታየታቸው ስሕተት አይደለም።

ይኸው መቋረጥ በዓመተ ምሕረትም ይመጣል። ተማሪው በ2005 ዓ.ም. የታተመ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ተጠቅሞ ነበር፤ በጽሑፉ ውስጥ «2013»፣ በዝርዝሩ «2005» ብሎታል። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ የፈረንጆች ዓመት እስኪለወጥ በ7፣ ከዚያ በኋላ በ8 ዓመት ስለሚያንስ፣ የታተመበት ወር የማይታወቅ መጽሐፍ 2012 ይሁን 2013 መወሰን አይቻልም። ስለዚህ በመጽሐፉ ላይ የታተመውን ይዞ በሁለቱም ቦታ «2005 ዓ.ም.» ማለት ይሻላል። መምህሩ ወደ ፈረንጆች ይለወጥ ካሉም በሁለቱም ቦታ 2012/13 ተብሎ ይጻፋል።

ሁለተኛው ምልክት፦ ዝርዝሩ ላይ ያለው ምንጭ ጽሑፉ ውስጥ አልተጠቀሰም

በመጨረሻው ገጽ ላይ ስድስት ምንጮች ነበሩ፤ ከመካከላቸው የባሕሩ ዘውዴ የ1991 መጽሐፍ፣ ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ታሪክ የተጻፈው፣ በስምንቱ ገጾች አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም። ተማሪው አልዋሸም፤ መጽሐፉን ለዳራ ብሎ ከቤተ መጻሕፍት ተውሶ በእርግጥ አንብቦታል። ምክንያቱ ዝርዝሩን «ሪፈረንስ» ብሎ ሰይሞ ሲያበቃ የቢብሊዮግራፊን ሥራ ማሠራቱ ነው። በኤፒኤ የሪፈረንስ ዝርዝር በጽሑፉ ለተጠቀሰው ሁሉ፣ ለተጠቀሰውም ብቻ ነው፤ ማንበብ ብቻውን ወደዚያ አያስገባም።

መፍትሄው ሁለት መንገድ አለው። መጽሐፉ በእርግጥ ለአንድ ሐሳብ መነሻ ከሆነ፣ ያ ሐሳብ ያለበትን ዐረፍተ ነገር ፈልጎ ሳይቴሽን ማስገባት ነው፤ ካልሆነ ደግሞ ከሪፈረንስ ዝርዝሩ ማውጣት ነው። መምህሩ ቢብሊዮግራፊ ከጠየቁ ብቻ በዚያ ርእስ ሥር ይመለሳል። ዝርዝሩን ለማስረዘም ብሎ የማያስፈልግ ሳይቴሽን በየአንቀጹ መሰካት ግን ሲነበብ ወዲያው ይታወቃል፤ ቅንፉ ቢወጣ ዐረፍተ ነገሩ ምንም አይጎድልበትምና።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በዚሁ ዝርዝር ላይ «1790» ተብሎ ነበር። «የብሩስን መጽሐፍ አይተኸዋል?» ብዬ ስጠይቀው፣ «አይ፣ ጋሼ፣ ቺዝማን ነው የጠቀሰው» አለኝ። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ተማሪው ስለ ብሩስ አንብቧል እንጂ የብሩስን ቅጾች አልገለጠም። እንዲህ ሲሆን በጽሑፉ ውስጥ (ብሩስ፣ 1790፣ በቺዝማን፣ 1936 እንደተጠቀሰው) ተብሎ ሁለቱም ስም ይነሣል፤ ዝርዝሩ ላይ ግን የሚገባው ቺዝማን ብቻ ነው። ቢብሊዮግራፊም ቢሆን ያልተነበበ መጽሐፍ አይገባበትም። ቺዝማን የብሩስን ቃል አሳስቶ ቢሆን ኖሮ፣ ተማሪው ያላየውን መጽሐፍ አንብቤያለሁ ብሎ የሌላውን ስሕተት በራሱ ስም ይወስድ ነበር።

የቺዝማን መጽሐፍ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ አገኘሁት፤ ከሁለት የተለያዩ ገጾች ሐሳብ ስለ ወሰደ ነው። የገጽ ቁጥር የሳይቴሽን ንብረት ነው፤ ቃል በቃል ሲጠቀስ ከዓመቱ ቀጥሎ ቅንፉ ውስጥ ይገባል። መጽሐፉ ግን አሥር ጊዜ ቢጠቀስም መግለጫው አንድ ነው። አሳታሚና ሙሉ ርእስ በተቃራኒው የመግለጫው ናቸው፤ በጽሑፉ መካከል በቅንፍ ከገቡ ንባቡን ያደናቅፋሉ።

ሦስተኛው ምልክት፦ «ይህን ከየት አገኘኸው?»

ገጽ 6 ላይ ተማሪው ደንገል ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ታስሮ ታንኳ እንዴት እንደሚሆን ጥሩ አድርጎ ጽፏል፤ ምንም ሳይቴሽን ግን የለውም። በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ «ቃለ መጠይቅ፣ ታንኳ ሠሪ» የሚል መስመር አለ። ጥፋቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሳይቴሽን በሚያስፈልግበት ቦታ ጠፍቶ፣ መግለጫ በማያስፈልግበት ቦታ ገብቷል። የሪፈረንስ ዝርዝር አንባቢው ሄዶ ሊያገኘው የሚችለውን ምንጭ ይይዛል፤ በሐይቁ ዳር የተደረገን ያልተቀዳ ጭውውት ግን ማንም ፈልጎ አያገኘውም። ስለዚህ በኤፒኤ እንዲህ ያለው የግል ግንኙነት በጽሑፉ ውስጥ ብቻ፣ በተናጋሪው ስምና በሙሉ ቀኑ ይጠቀሳል፤ ስማቸው እንዲጻፍ ግን ባለቤቱ መፍቀድ አለባቸው።

የታሪክ ትምህርት ክፍሎች በዚህ ላይ የራሳቸው ልማድ አላቸው። የመረጃ ሰጪዎችን ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታና የቃለ መጠይቁን ቀን ከሪፈረንሱ ለይተው በሠንጠረዥ ያስቀምጣሉ። የተማሪው መምህር ይህን ስለሚፈልጉ፣ ታንኳ ሠሪው ከሪፈረንሱ ወጥተው ወደዚያ ሠንጠረዥ ገቡ፤ ገጽ 6 ላይም ስማቸውና ቀኑ በቅንፍ ተጻፈ።

ከዚያ በኋላ ጽሑፉን በኮምፒውተር ከፍተን በ Ctrl+F የመክፈቻ ቅንፍን ፈለግን። እያንዳንዱን ሳይቴሽን ስናገኝ የዝርዝሩን ተመሳሳይ መግለጫ በወረቀት ላይ እናሰምርበት ነበር። ስሙ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ገብቶ ቅንፉ የተረሳበትም ሊኖር ስለሚችል፣ «እንደሚለው» የሚለውን ቃልም ለብቻው ፈለግን። ፍለጋው ሲያልቅ ከስድስቱ ምንጮች የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ታደሰ ታምራት፣ ቺዝማንና የ2005 ዓ.ም. መጽሐፍ። ሦስቱም ተሰምሮባቸዋል። ተማሪው ዝርዝሩ ማጠሩ አሳስቦት «አያንስም?» ቢለኝም፣ መምህሩ ግን ሁለተኛውን ረቂቅ ሲመልሱለት በዝርዝሩ ላይ ምንም አልጻፉም።