ልጅ እንግዳ ሲመጣ ቢደበቅስ? ሳያስገድዱ ሰላምታ ማስተማር

ቡና እየቆላሁ ነበር። በሩ ላይ "ቤቶች!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ጎረቤታችን እትዬ ናቸው። የአራት ዓመቷ ልጄ ወዲያው ከኋላዬ ሄዳ ቀሚሴን ያዘች። እኔም አፈርኩና "ሂጂ ሳሚያቸው! ምን ሆነሻል?" ብዬ ጎትቼ አቀረብኳት። ፊቷን አዞረች፤ ቀጥላ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል "ቤቶች!" የሚል ድምፅ በሰማች ቁጥር ወደ ጓዳ ትሮጥ ነበር።

እዚህ ደሴ እንግዳ ደውሎ አይመጣም። የቡናው ሽታ ነው የሚጠራው። ሰላም የማይል ልጅ ደግሞ "አሳዳጊ የበደለው" ይባላል። ስለዚህ ልጄ ሰላም እንድትል እፈልጋለሁ፤ ይህን አልተውኩም። የቀየርኩት መንገዱን ነው።

ለምን ዝም ይላሉ?

ትንሽ ልጅ በር ላይ ዝም ሲል ንቆ አይደለም። ከእሱ አንፃር እዩት። ረጅም ሰው ይገባል። ድምፁ ከፍ ያለ ነው። ጎንበስ ብሎ ፊቱን ያስጠጋል። የቤቱ ሰው ሁሉ ደግሞ ዓይኑን ልጁ ላይ ይተክላል። አንዳንድ ልጅ ይህን ቶሎ ይለምዳል። አንዳንዱ ግን አዲስ ሰው ለመልመድ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። እኛ የምንጠይቀው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው፤ ማለትም በጣም በከበደችው ሰዓት። በዚያ ላይ ከጎተትነው የሚማረው ሰላምታን አይደለም። በሩ ሲንኳኳ መፍራትን ነው።

በስንብት ጀምሩ

ሁላችንም ከመግቢያው ሰላምታ ነው የምንጀምረው። እኔ በተቃራኒው ብትጀምሩ እላለሁ። እንግዳው ሲወጣ ልጁ ሰውየውን ለምዷል፤ ቡናው አልቋል፤ ሁሉም ቆሞ እየተሰነባበተ ስለሆነ እሱን ለይቶ የሚያይ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ "ደህና ይዋሉ" የምትለውን ብቻ አስተምሩ። እሷ ስትለመድ "እንዴት ዋሉ" ትከተላለች። ማለዳና ማታ የሚባሉት እስከዚያ ይቆዩ።

"ይዋሉ"፣ "ዋሉ" የሚለው የአንቱታ አነጋገር ለልጅ ቀላል አይደለም። ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው "ዋልሽ"፣ "ዋልህ" ነው። ልጄ አንድ ቀን ለአያቷ "እንዴት ዋልሽ?" አለቻቸው። ቤቱ በሳቅ ሞላ። የሳቅነው በፍቅር ነበር፤ እሷ ግን ደግማ አልተናገረችም። ስለዚህ ልጅ ሲሳሳት አትሳቁ፤ ሰው ፊትም አታርሙት። እናንተ ራሳችሁ ቀጥላችሁ "አዎ፣ እንዴት ዋሉ እማማ?" በሉ። ትክክለኛውን ሰምቷል፤ ያ ይበቃል።

በጨዋታ አለማምዱ

በቀን አምስት ደቂቃ በቂ ነው። ባዶ ሲኒ ደርድሩ። መጀመሪያ ልጁ እንግዳ ይሁን። ውጭ ቆሞ "ቤቶች!" ይበል፤ እናንተ ተነስታችሁ ተቀበሉት። ቀጥሎ ተቀያየሩ። አዋቂ ሆኖ መጫወት ልጅን ደስ ስለሚለው ቃሉ ሳያስበው አፉ ላይ ይገባል። ሰላም ሲላችሁ እናንተም እንደ ሽማግሌ "እደጊ! ተመንደጊ!" ብላችሁ መርቁ። እኛ አያት ኮምቦልቻ ስላሉ በስልክም እንለማመዳለን። ስልክ ጥሩ ነው፤ ድምፅ ብቻ ነው፣ የሚጠጋ ፊት የለም።

በር ላይ

እንግዳ እንደሚመጣ ካወቃችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። "አሁን እትዬ ይመጣሉ፤ ነጭ ነጠላ ለብሰው ነው የሚመጡት፤ ቡና ይጠጣሉ።" ከዚያ ምርጫ ስጡት። "እጃቸውን ትጨብጫለሽ ወይስ ከእኔ ጋር ሆነሽ እንዴት ዋሉ ትያለሽ?" ሁለቱም ሰላምታ ነው። ሰላም አለማለት በምርጫው ውስጥ የለም፤ እንዴት እንደሚል ግን የሱ ነው።

ወሎ ውስጥ ምርጫው ሰፊ ነው። መሳም አለ። ቀኝ እጅን ዘርግቶ በግራው ክንድን ደገፍ አድርጎ፣ ራስን ዝቅ ማድረግ አለ። እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለትም አለ፤ ብዙ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ከማይጨብጡት ሰው ጋር እንዲህ ነው ሰላም የሚባባሉት። ይህቺ የመጨረሻዋ ለሚያፍር ልጅ እንደ ስጦታ ናት። ንክኪ የለባትም፤ ግን ሙሉ አክብሮት አላት። "አሰላሙ አለይኩም" ብሎ ለሚገባ ጎረቤት "ወአለይኩሙሰላም" ማለትንም ልጆች እናንተን እየሰሙ ይይዙታል።

ልጁ ደርቆ ከቀረ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ዝም ካለ እናንተ በእሱ ቦታ "እንዴት ዋሉ ብለናል እትዬ" ብላችሁ እንግዳውን ወደ ውስጥ አስገቡ። ጉዳዩ እዚያ ላይ ያብቃ። "እሷ እኮ ዓይን አፋር ናት" አትበሉ። ልጅ የተባለውን ስም ይዞ ያድጋል።

እንግዳው "ሳሚኝ እንጂ!" ካለስ?

ይህ ከሁሉም ይከብዳል። ታላቅን መቃወም ነውር ነው፤ ልጁ ግን እናንተን እያየ ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ፣ እንግዳዋን ሳላሳፍር "አብሽሩ እትዬ፣ ትንሽ ትልመድዎት፤ ፈንዲሻውን ይዛልዎት ትመጣለች" እላለሁ። ብዙ ጊዜ ይሰራል፤ ሽማግሌዎች ልጅ ሲታዘዝ ማየት ይወዳሉ። ከረሜላ አውጥቶ "ካልሳምሽኝ አልሰጥም" የሚል ካለ ግን ከረሜላውን እኔ ተቀብዬ ወደ ሌላ ወሬ እገባለሁ። መሳምን መግዣ ማድረግ አይመቸኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉንም ሰላም የሚል ልጅ አንድን ሰው ብቻ በድንገት መሸሽ ከጀመረ አፋርነት ነው ብላችሁ አትለፉት። ብቻውን ሲሆን ቀስ ብላችሁ ጠይቁት። ቤት ውስጥ እንደልቡ እያወራ መዋዕለ ሕፃናት ገብቶ ከለመደ በኋላም ከአንድ ወር በላይ ከማንም ጋር የማይናገር ልጅ ደግሞ የሕፃናት ሐኪም ቢያየው ይሻላል። ያ የሰላምታ ጉዳይ አይደለም።

የኛ ቤት እንዴት ሆነ

እትዬ በሌላ ቀን መጡ። አስቀድሜ ነግሬያታለሁ። በር ላይ ዝም አለች፤ እኔ ሰላም አልኩላትና ገባን። አቦሉ ሲቀዳ ጥግ ይዛ ታይ ነበር። እትዬም እንደነገርኳቸው አላዩዋትም። ቶናው ላይ የፈንዲሻ ሳህን ሰጠኋት። ጀበናና ከሰል ካለበት በሌላው በኩል እንድትዞር አድርጌ ነው፤ ትኩስ ሲኒ ለልጅ አይሰጥም። ሳህኑን እትዬ ፊት አስቀምጣ ሮጣ ተመለሰች። "እደጊ የኔ ልጅ" አሏት። በረካው ተጠጥቶ ሲነሱ ከበሩ አጠገብ ቆማ በትንሽ ድምፅ "ደህና ይዋሉ" አለች።

"እንዴት ዋሉ" ለማለት ሌላ አምስት ሳምንት ፈጅቶባታል። መሳም ገና አልጀመረችም። አሁን "ቤቶች!" ሲባል ግን ወደ ጓዳ አትሮጥም፤ ማን እንደመጣ ለማየት ትወጣለች።