የአያመል ቢድ ደወል ከጨረቃዋ ጋር እንዲሄድ

ደሴም ኮምቦልቻም ሆናችሁ አያመል ቢድን፣ ማለትም የጨረቃ ወር 13፣ 14 እና 15ን ለምትጾሙ፦ ስልኩን «በየወሩ ይድገም» አትበሉት። የኛ ወር ከጳጉሜን በቀር 30 ቀን ነው፤ የሂጅራው ግን አንዳንዴ 29 ስለሚሆን ጾሙ ያኔ በአንድ ቀን ይቀድማል።

ይልቅ ወሩ መግባቱ እንደተረጋገጠ በመጀመሪያው ቀን ላይ 12 ደምሩ። 1ኛው ቀን ሰኞ ከዋለ 13ኛው ቅዳሜ ነው። ደወሉ ግን ዓርብ ማታ ከዒሻ በኋላ ይሁን፤ ቅዳሜ ጠዋት ቢጮህ ሰሁሩ አልፏል። ሌላ ደወል ከሱብሂ አዛን 45 ደቂቃ አስቀድሙ።

የስልክ ሂጅራ በስሌት ስለሚሄድ ጨረቃ ታይታ ከሚታወጀው በአንድ ቀን ሊለይ ይችላል፤ የመስጊዱን ያዙ። ዙልሒጃ 13 ከተሽሪቅ ቀናት ስለሆነ አይጾምም፣ የዚያን ቀን ደወል አጥፉት።