መብራት ከመጣ በኋላ የሚበላሽ ክትባት፦ የክሊኒክ ፍሪጅ መመሪያ ስትጽፉ

መብራት ሲጠፋ ክሊኒክ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ክትባቱ እንዳይሞቅ። ስለዚህ የሚጻፈውም መመሪያ ዞሮ ዞሮ ስለ ሙቀት ይሆናል። ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ መብራት ሄዶ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሲመጣ ግን ይበልጥ የሚያሰጋኝ ቅዝቃዜው ነው። ክትባት ከሞቀ ብልቃጡ ላይ ያለው ቪቪኤም ቀለሙን ቀይሮ ይናገራል። በረዶ ከነካው ቪቪኤም ምንም አይልም። ብልቃጡ ይቀልጥና ጤነኛ መስሎ ይቀመጣል።

መመሪያውን ከባዶ ወረቀት አትጀምሩ። ያጋጠማችሁን ችግር ያዙ፣ ምክንያቱን ፈልጉ፣ መፍትሄውን አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጉና ፍሪጁ ላይ ለጥፉት። እኔ በጣም ከሚደጋገመው ልጀምር።

ምልክት፦ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ መሣሪያው ግን «በጣም ቀዝቅዟል» ይላል

እንበል ዓርብ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ሲስተር ስትወጣ ፍሪጁን አየችው፤ +9.4 ይላል። ደነገጠችና የቴርሞስታቱን ቁልፍ ከ3 ወደ 6 አዞረችው። ቶሎ ይቀዝቅዝ ብላ ነው። ሰኞ ጠዋት ስትመጣ የፍሪጁን ሙቀት በሚመዘግበው ፍሪጅ ታግ ላይ ALARM የሚል ጽሑፍና ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ጠበቃት። የቅዳሜን ታሪክ ስታወጣ ዝቅተኛው −1.6 ነው፤ ከገደቡ በታች የቆየው ደግሞ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ።

ምን ሆነ? ቴርሞስታት ፍጥነት አይጨምርም። የሚወስነው ኮምፕረሰሩ የት ላይ እንደሚቆም ብቻ ነው። ፍሪጁ ሞቆ ሳለ ኮምፕረሰሩ 3 ላይም ይሁን 6 ላይ ያለ እረፍት ነው የሚሠራው፤ የማቀዝቀዝ አቅሙ ያው ነው። 3 ላይ ቢሆን ኖሮ +4 አካባቢ ደርሶ ያቆም ነበር። 6 ላይ ስለሆነ አላቆመም፤ ወደ ታች ቀጠለ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በሩን የሚከፍት ሰው የለም። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሲጨመርበት ክፍሉ ራሱ ይቀዘቅዛል። ከዚህ በኋላ ከኋላው ግድግዳ ጋር የተጠጋው ብልቃጥ በረዶ ይሆናል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የዓርቡ ሙቀት አላርም አላስነሳም። ፍሪጅ ታግ 2 በሙቀት በኩል የሚጮኸው ከ+8 በላይ ያለማቋረጥ 10 ሰዓት ሲቆይ ነው። በቅዝቃዜ በኩል ግን ከ−0.5 በታች 60 ደቂቃ ይበቃዋል። ልዩነቱ ያለ ምክንያት አይደለም። +9.4 ለጥቂት ሰዓት መቆየቱ የክትባቱን ዕድሜ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል እንጂ አይገድለውም። በረዶ ግን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል።

አሁን ሰኞ ጠዋት ምን ይደረግ? መጀመሪያ መለየት ነው። በረዶ የማይወዱት ፔንታ፣ ፒሲቪ፣ ቲዲ፣ ኤችፒቪ፣ አይፒቪና ሮታ ናቸው። እነዚህ በአንድ ከረጢት ይግቡ፤ «አይሰጥም» ተብሎ ይጻፍበት። ከረጢቱ እዚያው በ+2 እና በ+8 መካከል ይቆይ። አይጣል፣ አይሰጥም። የፖሊዮ ጠብታ፣ የኩፍኝና የቢሲጂ ዱቄት በረዶ አይጎዳቸውም። የዱቄቶቹ ማሟሚያ ግን ፈሳሽ ስለሆነ በረዶ ሲሆን ብርጭቆው ሊሰነጠቅ ይችላል። አንድ በአንድ በብርሃን እዩት።

ጠንካራ በረዶ ሆኖ የተገኘ ብልቃጥ ካለ ክርክር የለውም፤ ከአገልግሎት ውጪ ነው። ፈሳሽ ሆኖ የሚያጠራጥረው ላይ ግን የመነቅነቅ ፍተሻ ይደረጋል። ከዚያው ክትባት፣ ከዚያው አምራች፣ ከዚያው ባች አንድ ብልቃጥ ትሠዋላችሁ። ምልክት አድርጉበትና ፍሪዘር ውስጥ ይደር። ድንጋይ ከሆነ በኋላ ሳታሞቁት በራሱ ጊዜ ይቅለጥ። ከዚያ እሱንና የተጠረጠረውን ብልቃጥ ባንድ እጅ ይዛችሁ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በደንብ ነቅንቁ። ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አቁሙና እስከ 30 ደቂቃ ተመልከቱ። የሠዋችሁት ብልቃጥ ዝቃጩ ቶሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ ያለው ፈሳሽ ይጠራል። የተጠረጠረው እኩል ወይም ቀድሞ ከዘቀጠ በረዶ ነክቶታል። ደብዝዞ ከቆየና ቀስ ብሎ ከዘቀጠ ይሠራል።

ይሄ ፍተሻ ለሁሉም አይሆንም። ፔንታ፣ ፒሲቪና ቲዲ አልሙኒየም ያለባቸው ስለሆኑ ይዘቅጣሉ። አይፒቪና ሮታ ላይ ብትነቀንቁ ምንም አይነግራችሁም። እነሱን ለክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት አድርጋችሁ ውሳኔ ጠብቁ።

መመሪያው ላይ የሚገባው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ነው፦ *«መብራት ስለጠፋ ወይም ስለመጣ ቴርሞስታት አይነካም። ቁልፉን የሚያዞረው የኮልድ ቼይን ተጠሪው ብቻ ነው፤ እሱም መብራት ሳይቆራረጥ አንድ ሙሉ ቀን ከቆየና ንባቡ ከ+2 እስከ +8 ውጪ ከሆነ። ከ+2 በታች ከወረደ ግን ቀን አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ ሙቀት አቅጣጫ ይዞራል።»* ቁልፉ ላይ ፕላስተር ለጥፉና ትክክለኛውን ቦታ በማርከር አስምሩበት። ዓርብ ማታ የሚቸኩል እጅ ፕላስተር ሲያይ ትንሽ ያስባል።

ምልክት፦ ሰፈሩ መብራት አለው፤ የእናንተ ፍሪጅ ግን ሞቋል

እዚህ ላይ ኤሌክትሪክ ኃይልን ከመውቀሳችሁ በፊት ቆጣሪውን እዩ። የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ቅዳሜ ሒሳቡ ሊያልቅ ይችላል። የሚሞላው ሰው ደግሞ ሰኞ ነው የሚገባው። ሁለተኛው ምክንያት ሶኬት ነው። አንድ ሰው ለቡና ማፍያው የፍሪጁን ነቅሎ መመለሱን ይረሳል። ሦስተኛው ስታቢላይዘሩ ነው። መብራት ሲመጣ ኮምፕረሰሩን ለመጠበቅ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ይዘገያል፤ ያ ብልሽት አይደለም። ኃይሉ በጣም ከወረደ ግን ጭራሽ ላይለቅ ይችላል። መብራቱ ቢደበዝዝም በርቷል፤ ፍሪጁ ግን ጠፍቷል።

መፍትሄው ቀላል ነው። ፍሪጁ የራሱ ሶኬት ይኑረው፤ ዲቫይደር አይነካውም። ሶኬቱ ላይ «አይነቀልም» ተብሎ ይጻፍ። ካርዱ ዘወትር ሐሙስ ይታይ። ቀኑ ሐሙስ የሆነው ዓርብ የመሙያ ጊዜ እንዲኖር ነው።

ምልክት፦ መብራት ሄዷል፤ መቼ ወደ ኮልድ ቦክስ ልውሰድ?

ብዙ መመሪያ ላይ «መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ» ይላል። ረጅም ስንት ነው? ለክትባት ተብሎ የተሠራ በረዶ ያቀፈ ፍሪጅ (አይኤልአር) ካላችሁ በቀን 8 ሰዓት መብራት ካገኘ ራሱን ይችላል። የቤት ፍሪጅ ከሆነ ግን በሰዓታት ነው የሚሞቀው። የዓለም ጤና ድርጅትም ለክትባት አይመክረውም። እስኪቀየር ድረስ ልኩን ማወቅ የእናንተ ሥራ ነው።

ክትባት በሌለበት ቀን ለኩት። ክትባቱን ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ በአደራ አስቀምጡ። የክትባቱን ያህል ቦታ በውሃ ጠርሙስ ሙሉና አንድ ሌሊት ይሥራ። ጠዋት ንቀሉት፣ በሩን አትክፈቱ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ንባቡን ጻፉ። ከ+5 ተነስቶ +8 ለመድረስ 4 ሰዓት ፈጀ እንበል። ያ ቁጥር ከየትኛውም መጽሐፍ ይበልጥባችኋል። መመሪያችሁ እንዲህ ይላል፦ *«መብራት ከጠፋበት ሰዓት ጀምሮ በር አይከፈትም። በ2ኛው ሰዓት አይስ ፓክ ይወጣል። በ3ኛው ሰዓት ክትባቱ ይዛወራል። ንባቡ ከዚያ በፊት +7 ከደረሰ ሰዓቱ አይጠበቅም።»*

ለምን አይስ ፓክ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይወጣል? ከፍሪዘር እንደወጣ ኮልድ ቦክስ ውስጥ የገባ አይስ ፓክ ከጎኑ ያለውን ፔንታ በረዶ ያደርገዋል። ከመብራት መጥፋት ያዳናችሁትን በማጓጓዣው ትገድሉታላችሁ ማለት ነው። ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ጠብቁ። ጆሮ ጋ አድርጋችሁ ስትነቀንቁት ውስጡ ውሃ ሲንቀሳቀስ ከተሰማ ደርሷል። በቀዝቃዛ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። መለኪያው ድምፁ ነው፤ ሰዓቱ ግምት ነው።

ምልክት፦ የሙቀት መዝገቡ ወሩን ሙሉ +4 ነው

እንዲህ ያለ መዝገብ ሳይ ፍሪጁን ሳይሆን እስክሪብቶውን ነው የምጠረጥረው። ወር መጨረሻ ላይ ባንድ ቁጭታ ተሞልቷል። ፍሪጅ ታግ 2 ያለፉትን 30 ቀናት ዝቅተኛና ከፍተኛ ይይዛል። በየሳምንቱ ሰኞ ከወረቀቱ ጋር ይመሳከር።

ግን ሲመሳከር አንድ ጣጣ አለ። መሣሪያው በፈረንጅ ቀንና በ24 ሰዓት ነው የሚቆጥረው። 02:10 ካለ ለእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ነው። ወረቀቱ ላይ «2:10» ብሎ የጻፈው ሰው ግን ጠዋት ማለቱ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ላይ «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚል ቃል ሳይጻፍ ሰዓት ብቻውን እንዳይገባ ከልክሉ። ከኢትዮጵያው ቀን አጠገብ የፈረንጁ ቀን የራሱ ዓምድ ይኑረው።

ንባብ በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ ቅዳሜና እሑድም አይቀርም። ቅዳሜና እሑድ ግን ግቢው ውስጥ ያለው ጥበቃው ብቻ ነው። ስለዚህ መመሪያው ለእሱም ይጻፍ። ፍሪጁን እንዲከፍት አይጠበቅበትም። የሙቀት ማሳያ መስኮቱን አይቶ ቁጥሩን ያነባል፤ መብራት የሄደበትን ሰዓት ይጽፋል፤ ይደውላል። «ሲስተር፣ ከ10 ሰዓት ጀምሮ መብራት የለም፤ አሁን ስድስት ነጥብ ሁለት ይላል» ካለ በቂ ነው። የሲስተርና የተተኪዋ ስልክ ፍሪጁ በር ላይ በትልቁ ይጻፍ። የበሩ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለም ከስልኩ ሥር ይግባ።