የግል ታሪክ ስትጽፉ መጨረሻው ስብከት ከሆነባችሁ

የራሳችሁን ታሪክ ጽፋችሁ መጨረሻው ላይ «ያኔ ነው የገባኝ...» ወይ «ከዚህ የተማርኩት...» እያለ ስብከት የሚሆንባችሁ ካላችሁ ይቺን ሞክሯት። የመጨረሻውን አንቀጽ በእጃችሁ ሸፍኑና ከሱ በፊት በዓይን የሚታይ ወይ በጆሮ የሚሰማ ነገር ያለበትን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ፈልጉ፣ እዛው አቁሙ።

እኔ ስለ አያቴ የጻፍኩት ታሪክ ከቀብር በኋላ ቡና ሳፈላ አራት ሲኒ ደርድሬ፣ ሦስት መሆናችን ትዝ ሲለኝ አንዱን መልሼ ቁምሳጥን ከተትኩት የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረው፣ ከዛ ደሞ ስለ ፍቅርና ስለ ጊዜ ስድስት መስመር ፈላስፌያለሁ (አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል)። ስድስቱን አጥፍቼ ሲኒው ላይ ጨረስኩ። አንባቢው እኮ ሲኒውን ራሱ ቆጥሮታል፣ ማን እንደጎደለም ገብቶታል፣ እኔ ሳብራራለት የሱን ስሜት ነጥቄ የኔን ነው የምሰጠው።

ስትቆርጡት «እና ምን?» የሚያስብል ከሆነ ግን መጨረሻው ላይ ማብራሪያ አትጨምሩ፣ ችግሩ ላይኛው ክፍል ነው። የኔም መጀመሪያ እንደዛ ነበር፣ ሲኒው ከየት መጣ የሚያስብል። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አያቴ ጠርዙ ከተሸረፈ ሲኒ በቀር በሌላ እንደማትጠጣ አንድ መስመር ሳስገባ ተስተካከለ፣ የተመለሰው ሲኒም ያው የተሸረፈው ሆነ።

ለስኮላርሺፕ የሚጻፍ ኤሴይ ላይ ግን «ምን ተማርክ?» ብለው በቀጥታ ከጠየቁ ይሄን አትጠቀሙ፣ መልሱን በግልጽ ጻፉላቸው።