የአራት ሰው ፕሬዘንቴሽን እንዴት ይከፋፈል?

አሜሪካ ኮሌጅ አዲስ የገባን ተማሪ በግሩፕ ሥራ ላይ በብዛት የሚጎዳው ይሉኝታ ነው። «እናንተ ተናገሩ፣ እኔ ስላይዱን ልሥራ» ይልና ሲለፋ ያድራል፤ ክፍል ውስጥ ግን ድምፁ ሳይሰማ ያልቃል።

ስለዚህ ከመከፋፈላችሁ በፊት ሩብሪኩን፣ ማለትም መምህሩ ነጥብ የሚሰጥበትን ሰንጠረዥ፣ አብራችሁ አንብቡ። ለአቀራረብ የሚሰጠው ነጥብ ለየሰው ነው ወይስ ለግሩፑ በጋራ? ሁሉም የግድ መናገር አለበት? ነጥቡ ለየሰው ከሆነ፣ የሚፈራውን ልጅ «አንተ ተወው» ማለት ደግነት ቢመስልም ነጥቡን ያሳጣዋል። እኩል ደቂቃ የሚጠይቅ ሩብሪክ ካለም እሱን ተከተሉ። ፍርሃቱ ከአቅም በላይ የሆነበት ሰው ራሱ ቀደም ብሎ መምህሩን በቢሮ ሰዓት ያነጋግር።

ደቂቃውን የሚወስን ሕግ ከሌለ፣ የ15 ደቂቃ ፕሬዘንቴሽንን እንዲህ መክፈል ይቻላል። 1 ደቂቃ ለመቀያየሪያ ይቀመጥ፤ 14 ይቀራል። አንደበተ ርቱዑ 2 ደቂቃ ይከፍታል፣ 2 ደቂቃ ይዘጋል። አሜሪካ አዲስ የመጣው ሁለተኛ ሆኖ 4 ደቂቃ ይናገራል፤ ቁጥር የሚወደው መረጃውን በ4 ደቂቃ ያስረዳል፤ መድረክ የሚከብደው 2 ደቂቃ አንድ ምሳሌ ያቀርባል። በደቂቃ ያነሰው ከመድረክ በፊት ባለው ሥራ ይካስ፦ የሁሉንም ስላይድ ቅርጽ የሚያስተካክለውና የምንጮቹን ዝርዝር የሚያዘጋጀው እሱ ይሁን። ይህን ሁሉ በስም በስሙ ጽፋችሁ ለአራታችሁም ላኩት።

አዲስ የመጣውን ሁለተኛ ማድረግ ምክንያት አለው። ከፊት ያሉት ሲያራዝሙ ጊዜው የሚቀነሰው ከኋለኞቹ ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋ የሚናገር ሰው ደግሞ በችኮላ ማሳጠር ይከብደዋል። በእርጋታ ሲነገር በደቂቃ 100 ያህል የእንግሊዝኛ ቃላት ስለሚወጡ፣ ለ4 ደቂቃ ከ400 ቃል በላይ አትጻፉ። ጽሑፉን በቃል ከመሸምደድ ለየስላይዱ ሦስት ቁልፍ ቃላት በካርድ መያዝ ይሻላል። የሸመደደ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጠፋበት ቀጣዩም አብሮ ይጠፋዋል።

ልምምዱን ቆማችሁ፣ በስልክ ሰዓት እየያዛችሁ፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ አድርጉት። የሚያራዝመው ሰው ያን ጊዜ ይታወቃል፤ «ፍጠን» ከምትሉት አንድ ስላይድ አስወጡለት። ለጥያቄም ቀድማችሁ ተስማሙ፦ ክፍሉን ያቀረበው መጀመሪያ ይመልሳል፣ ከተቸገረ ወደ ከፋቹ ዞር ይላል፣ ከፋቹም ይቀበለዋል።

ስላይዱን በGoogle Slides አንድ የጋራ ፋይል ላይ ሥሩ፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ አካውንት ይግባ። ማን ምን እንደጻፈ በFile ሥር Version history ላይ ይታያል። አንዱ አባል ከጠፋ፣ ከምታቀርቡበት ቀን ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ የተስማማችሁበትን ክፍፍል አያይዛችሁ ለመምህሩ በኢሜይል አሳውቁ። ካቀረባችሁ በኋላ የሚመጣ አቤቱታ እንደ ሰበብ ስለሚቆጠር ብዙም አይረዳችሁም።